«ስንት ታማሚ አለ?» እና «ስንት ሰው አዲስ ታመመ?»፦ ፕሪቫለንስና ኢንሲደንስ በአንድ የኮምቦልቻ ግቢ

«በቀበሌያችን እከክ 8 በመቶ ደርሷል።» እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር በጤና ጣቢያ ሪፖርትም በወረዳ የግምገማ ስብሰባም ላይ ይሰማል። ሰሚው ይደነግጣል ወይም ይረጋጋል፤ ይሁንና 8 በመቶው የምን 8 በመቶ እንደሆነ ሳይታወቅ መደንገጥም መረጋጋትም አይቻልም። ዛሬ የሚያካቸው ሰዎች ናቸው? በዚህ ወር ማከክ የጀመራቸው? ወይስ ከዓመቱ መጀመሪያ ወዲህ አንድ ጊዜም ቢሆን የታመሙት ሁሉ? ሦስቱ ጥያቄዎች ሦስት የተለያዩ መልሶች አሏቸው። ሦስቱም መልሶች ከአንድ መዝገብ ሊወጡ ይችላሉ።

ደሴ ላይ ለጤና ተማሪዎች ይህን ትምህርት ስንሰጥ ከትርጉም አንጀምርም። ትርጉሙን ሁሉም በቃሉ ይዞታል፦ ፕሪቫለንስ ማለት በአንድ ጊዜ ላይ በሽታው ያለባቸው ሰዎች ድርሻ፣ ኢንሲደንስ ማለት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ አዲስ የተያዙ ሰዎች መጠን። ፈተና ላይ ይህን የጻፈ ተማሪ ነጥቡን ያገኛል፤ መዝገብ ሲሰጠው ግን የቱን ሰው ከክፍልፋዩ ላይ፣ የቱን ከታች እንደሚያስቀምጥ ይቸገራል። ስለዚህ የምንጀምረው ሰሌዳው ላይ መስመር በማስመር ነው።

ምሳሌው

ቁጥሮቹ ለማስተማሪያ የተዘጋጁ ናቸው፤ ከእውነተኛ ጥናት የተወሰዱ አይደሉም። ቦታው ግን ለማንም እንግዳ አይሆንም። ኮምቦልቻ ውስጥ የፋብሪካ ሠራተኞች የሚከራዩበት አንድ ግቢ አለ እንበል። አሥር ክፍል፣ በየክፍሉ አምስት ሰው፣ በጠቅላላው 50 ተከራይ። ፍራሽ ተጠጋግቶ ይነጠፋል፣ ብርድ ልብስ ይጋራሉ፣ የሌሊት ፈረቃ የሠራው ጠዋት ሲገባ የቀን ፈረቃው በተነሣበት ላይ ይተኛል። በሽታው እከክ ነው፤ በዓይን ለማየት የምታስቸግር ትንሽ ተባይ ቆዳ ውስጥ ገብታ የምታመጣው፣ በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓና በወገብ ዙሪያ ሌሊት ሌሊት የሚብሰው ማሳከክ።

አንድ የጤና ባለሙያ ጥቅምት 1 ቀን ሃምሳውንም መርምሮ መዝግቧል፤ ከዚያም እስከ ታኅሣሥ 30 ድረስ ተከታትሏቸዋል። የእኛ አቆጣጠር እዚህ ላይ ትልቅ ውለታ ይውላል፦ ሦስቱም ወር 30፣ 30 ቀን ስለሆነ ክትትሉ ልክ 90 ቀን ነው፤ የትኛው ወር 31 ነበር ብሎ ማሰብ የለም። በ90 ቀኑ ውስጥ በሽታው የታየባቸው 12 ሰዎች እነዚህ ናቸው።

| ሰው | ማሳከክ የጀመረበት | የዳነበት |
|---|---|---|
| ሀ | መስከረም 10 | ጥቅምት 20 |
| ለ | መስከረም 30 | ኅዳር 10 |
| ሐ | ነሐሴ 15 | አልዳነም |
| መ | መስከረም 20 | ጥቅምት 30 |
| ሠ | ጥቅምት 10 | ኅዳር 20 |
| ረ | ጥቅምት 20 | ኅዳር 30 |
| ሰ | ኅዳር 1 | ታኅሣሥ 11 |
| ሸ | ኅዳር 5 | ታኅሣሥ 15 |
| ቀ | ኅዳር 12 | ታኅሣሥ 22 |
| በ | ኅዳር 25 | አልዳነም |
| ተ | ታኅሣሥ 10 | አልዳነም |
| ነ | ታኅሣሥ 20 | አልዳነም |

የቀሩት 38 ሰዎች በእነዚህ ወራት አልታመሙም። ሰንጠረዡን ወደ ሰሌዳ ስናሻግረው እያንዳንዱ ታማሚ አንድ አግድም መስመር ይሆናል። መስመሩ የሚነሣው ማሳከክ በጀመረበት ቀን፣ የሚያበቃው በዳነበት ቀን ነው። የሀ፣ የለ፣ የሐና የመ መስመሮች ጥቅምት 1 ሳይደርስ ጀምረዋል፤ የሐ፣ የበ፣ የተና የነ መስመሮች ታኅሣሥ 30ን አልፈው ይሄዳሉ። ይህን ሥዕል ደብተሩ ላይ በገዛ እጁ የሠራ ሰው ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ይቀለዋል።

ፕሪቫለንስ፦ መስመሮቹን ቀጥ ብሎ መቁረጥ

ከላይ ወደ ታች አንድ ቀጥ ያለ መስመር በጥቅምት 1 ላይ አስምሩ። ስንት አግድም መስመር ይቆርጣል? ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፤ አራት። በግቢው 50 ሰው አለ። 4 ለ50 ሲካፈል 8 በመቶ። የጥቅምት 1 ፕሪቫለንስ ይህ ነው። ሰዎቹ መቼ ታመሙ የሚለው ጥያቄ እዚህ ቦታ የለውም፤ ሐ ከነሐሴ ጀምሮ፣ ለ ከትናንት ጀምሮ ቢታመሙም እኩል አንድ አንድ ሆነው ይቆጠራሉ።

አሁን ኅዳር 15 ላይ ቁረጡ። ሀ፣ ለና መ ድነው ወጥተዋል። የሚቆረጡት ሐ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ፣ ቀ፤ ስድስት ናቸው። 6 ለ50፣ 12 በመቶ። ታኅሣሥ 30 ላይ ደግሞ ሐ፣ በ፣ ተ፣ ነ ብቻ ይቀራሉ፤ 4 ለ50፣ እንደገና 8 በመቶ።

በሦስት ወሩ ውስጥ በየትኛውም ቀን ታመው የነበሩትን ሁሉ ብንደምር 12 ሰው እናገኛለን፤ 12 ለ50፣ 24 በመቶ። ይህም ፕሪቫለንስ ነው፤ ልዩነቱ የአንድ ቀን ሳይሆን የአንድ የጊዜ ክልል መሆኑ ነው። ነባሩንም አዲሱንም በአንድ ስለሚጠቀልል ለውሳኔ ብዙም አይጠቅምም፤ በስህተት «አዲስ ታማሚ» ተብሎ ሲነበብ ደግሞ ጉዳት አለው። በሪፖርት ላይ ካገኛችሁት የስንት ወር ክልል እንደሆነ ጠይቁ፤ ክልሉ በረዘመ ቁጥር መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከፍ ይላል።

ኢንሲደንስ፦ የመስመሮቹን መነሻ መቁጠር

ለኢንሲደንስ መስመሮቹን መቁረጥ የለም። በ90 ቀኑ ውስጥ የተነሡትን መስመሮች ብቻ እንቆጥራለን፦ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ፣ ቀ፣ በ፣ ተ፣ ነ። ስምንት። ሠ ድኗል፣ ነ አልዳነም፤ ይህ ለቆጠራው ለውጥ አያመጣም። የሚፈለገው መጀመሩ ነው።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ከታች በሚቀመጠው ቁጥር ላይ ነው። 8 ለ50 ብሎ 16 በመቶ ይጽፋል። ነገር ግን ሀ፣ ለ፣ ሐና መ ጥቅምት 1 ቀን ታመው ነበር፤ የታመመ ሰው አዲስ ሊታመም አይችልም። ለአዲስ ሕመም የተጋለጡት ጤነኞቹ 46 ናቸው። ስለዚህ 8 ለ46፣ 17.4 በመቶ ይሆናል። ትርጉሙም ግልጽ ነው፦ ጥቅምት 1 ቀን ጤነኛ የነበረ የዚህ ግቢ ነዋሪ በሦስት ወር ውስጥ እከክ የሚይዘው ከስድስት ሰው ለአንዱ ገደማ ነው። ድምር ኢንሲደንስ ይባላል፤ ከጊዜው ጋር ካልተጠቀሰ ምንም ትርጉም የለውም። «17.4 በመቶ» ብሎ ማቆም አይቻልም፤ «በሦስት ወር» መከተል አለበት።

እዚህ ግቢ ውስጥ በ16 እና በ17.4 መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል። በሽታው በብዙዎች ላይ አስቀድሞ ካለ ግን ልዩነቱ ይሰፋል። ከሃምሳው ሃያው ታመው ቢሆን ኖሮ ያው ስምንት አዲስ ታማሚ ለ50 ሲካፈል 16 በመቶ፣ ለ30 ሲካፈል ወደ 27 በመቶ ይሆን ነበር። በሽታው በተንሰራፋበት ቦታ የተሳሳተው ስሌት የመያዝን ዕድል አሳንሶ ያሳያል፤ አሳንሶ የሚያሳየው ደግሞ አደጋው በባሰበት ቦታ ነው።

ሌላም ችግር አለ። የኮምቦልቻ ተከራይ ሦስት ወር ሙሉ በአንድ ክፍል ላይቆይ ይችላል። ሥራ ይለቅቃል፣ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ለቤተሰብ ጉዳይ ገጠር ገብቶ ይቀራል። ከ38ቱ ጤነኞች ሦስቱ ጥቅምት 30 ላይ ግቢውን ቢለቁስ? ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ቢታመሙ እንኳ አናውቅም። ሦስቱን 90 ቀን ሙሉ እንደተከታተልናቸው አድርጎ በ46ቱ ውስጥ መቁጠር ያላየነውን አየን ማለት ነው።

መፍትሔው ሰዎችን መቁጠር ትቶ እያንዳንዱ ሰው ጤነኛ ሆኖ የታየባቸውን ቀናት መደመር ነው። አንድ ሰው ለአንድ ቀን ጤነኛ ሆኖ ሲታይ አንድ «ሰው-ቀን» እንለዋለን። መጀመሪያ ማንም ያልለቀቀበትን ሁኔታ እናስላ። ያልታመሙት 38 ሰዎች እያንዳንዳቸው 90 ቀን ያዋጣሉ፤ 3,420። የታመሙት ስምንቱ ደግሞ እስኪታመሙ ድረስ ያለውን ብቻ ያዋጣሉ። ሠ ጥቅምት 10 ስለታመመ 9 ቀን፣ ረ 19፣ ሰ 30፣ ሸ 34፣ ቀ 41፣ በ 54፣ ተ 69፣ ነ 79። ድምሩ 335። ሁለቱ ሲደመሩ 3,755 ሰው-ቀን።

```
ኢንሲደንስ = 8 ÷ 3,755 = 0.00213 በሰው-ቀን
         = በ1,000 ሰው-ቀን 2.1 አዲስ ታማሚ
         = በ100 ሰው-ወር 6.4 አዲስ ታማሚ
```

የመጨረሻው አገላለጽ ለጆሮ ይቀላል፦ 100 ጤነኛ ሰዎች ለአንድ ወር ቢታዩ ስድስት ወይም ሰባት ያህሉ ይታመማሉ። ሦስቱ ተከራዮች ጥቅምት 30 ለቀው ከሆነ እያንዳንዳቸው ከ90 ቀን 30 ብቻ ስለሚያዋጡ ከድምሩ 180 ይቀነሳል። 8 ለ3,575 ሲካፈል በ100 ሰው-ወር 6.7 ይሆናል። የለቀቁት ሰዎች ቀናት ከስሌቱ ሲወጡ መጠኑ ከፍ አለ፤ እውነቱም ያ ነው። ተከራይ ቶሎ ቶሎ በሚቀያየርበት ግቢ፣ በካምፕም ሆነ በተማሪ ማደሪያ፣ ሰው-ቀን ከመቶኛ ይልቅ ይታመናል።

አስተዋይ ተማሪ እዚህ ላይ እጁን ያወጣል፦ «ሀ ጥቅምት 20 ድኗል። እከክ ዳግም ስለሚይዝ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተጋላጭ ሆኗል፤ ለምን አልቆጠርነውም?» ትክክል ነው። እኛ የቆጠርነው ጥቅምት 1 ጤነኛ የነበሩትን፣ እነሱንም እስከ መጀመሪያ ሕመማቸው ብቻ ነው። ሌላ ደንብም ይቻላል፤ የዳነ ሁሉ ወደ ተጋላጮች ይመለሳል፣ ዳግም ቢታመም ሌላ አዲስ ሕመም ሆኖ ይቆጠራል። ሁለቱም ያስኬዳሉ። የማያስኬደው ደንቡን ቆጠራው ካለቀ በኋላ መምረጥ ነው፤ ወይም ከላይ ዳግም የታመሙትን ቆጥሮ ከታች የዳኑበትን ቀናት መተው።

8 በመቶ ጀምሮ 8 በመቶ የጨረሰው ግቢ

አሁን ወደ ሰንጠረዡ እንመለስ። በግቢው ጥቅምት 1 ላይ ፕሪቫለንስ 8 በመቶ ነበር፤ ታኅሣሥ 30 ላይም 8 በመቶ ነው። ሁለቱን ቀን ብቻ ያየ ሰው «ለውጥ የለም» ብሎ ይጽፋል። በመሃል ግን ስምንት ሰው አዲስ ታሟል፣ ስምንት ሰው ድኗል። የገባና የወጣ እኩል ስለሆነ የቆመ መሰለ እንጂ በሽታው ከክፍል ክፍል መዛመቱን አላቆመም። ጥቅምት 1 ከታመሙት አራቱ ታኅሣሥ 30 ላይ ታሞ የሚገኘው ሐ ብቻ ነው።

ፕሪቫለንስና ኢንሲደንስን የሚያያይዛቸው ሕመሙ የሚቆይበት ጊዜ ነው። በግቢያችን የዳኑት ስምንቱም ከጀመራቸው እስኪድኑ 40 ቀን ፈጅቶባቸዋል። በሽታው ብዙም ካልተስፋፋና መግቢያና መውጫው ከተመጣጠነ ግንኙነቱ እንዲህ ይጻፋል።

```
ፕሪቫለንስ ≈ ኢንሲደንስ × ሕመሙ የሚቆይበት ጊዜ
        ≈ 0.00213 × 40 = 0.085 (8.5 በመቶ)
```

በሁለቱ ጫፍ ካየነው 8 በመቶ ጋር ተቀራርቧል። የ90 ቀኑን አማካይ ፕሪቫለንስ ብናሰላ ግን ወደ 10 በመቶ ይወጣል። ልዩነቱን ያመጣው በዋናነት ሐ ነው፤ እሱ ብቻውን 90ውንም ቀን ታሞ ቆይቷል፣ 40 ቀን የሚለው ስሌት እርሱን አያቅፍም።

ሐን ልብ በሉት። ጥቅምት 1 ላይ ቆረጥን፣ ሐ አለ። ኅዳር 15 ላይ ቆረጥን፣ ሐ አለ። ታኅሣሥ 30ም አለ። ሠና ረ ግን ከሦስቱ ቆጠራዎች በአንዱ ብቻ ተገኙ። አንድ ቀን መጥቶ የሚቆጥር ጥናት ሕመማቸው የቆየባቸውን ሰዎች አብዝቶ ያገኛል፤ ቶሎ የሚድኑት መረቡን ያመልጡታል። አጥኚው ያገኛቸውን ታማሚዎች ጠይቆ «ብዙዎቹ መድኃኒት አልወሰዱም» ቢል፣ መድኃኒት አለመውሰድ በሽታው እንዲይዝ አደረገ ማለት አይደለም። በሽታው እንዳይለቅ አድርጎ ሊሆን ይችላል። ምን እንደሚያስይዝ ማወቅ ከተፈለገ መጠየቅ ያለባቸው አዲስ የተያዙት ናቸው።

የጊዜው ነገር በሌሎች በሽታዎችም ይሠራል። ተቅማጥ በጥቂት ቀን ስለሚያልፍ በማንኛውም አንድ ቀን ብትቆጥሩ ጥቂት ታማሚ ታገኛላችሁ፤ በክረምት ወራት ግን አዲስ የሚያዘው ሕፃን ብዙ ሊሆን ይችላል። የስኳር በሽታ በተቃራኒው ነው፤ አዲስ የሚያዘው በዓመት ጥቂት ቢሆንም ድኖ የሚወጣው ጥቂት ስለሆነ ይጠራቀማል። ኤችአይቪ ደግሞ ሰዎችን ይበልጥ ያሳስታል። በኢትዮጵያ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። መድኃኒቱ ሰዎችን በሕይወት ስለሚያቆይ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩት ቁጥር አዲስ የሚያዙት እየቀነሱም እንኳ ላይቀንስ ይችላል። «ፕሪቫለንሱ አልወረደም፣ ሥራው ከሸፈ» የሚል ሰው የዳነውን ሕይወት እንደ ውድቀት እየቆጠረው ነው። ይህ የቁጥር ስህተት ብቻ ተደርጎ ሊታለፍ አይገባም። በተቃራኒው ታማሚዎች ሲሞቱ ወይም አካባቢውን ለቀው ሲሄዱ ፕሪቫለንስ ይወርዳል፤ ያንን ወራጅ ቁጥር በደስታ የሚያቀርብ ሪፖርት መውጫው የቱ እንደነበር መናገር አለበት።

እከክ ላይ የሚያሳስቱ ሁለት ነገሮች

ሰንጠረዡ ላይ «የጀመረበት» ብለን የጻፍነው ማሳከክ የጀመረበትን ቀን ነው፤ ተባይዋ የገባችበትን ቀን አይደለም። ከዚህ በፊት እከክ ይዞት የማያውቅ ሰው ማሳከክ የሚጀምረው በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው። ዳግም ሲይዘው ግን በ1 እስከ 4 ቀን ውስጥ ይታወቀዋል። በዚያ መካከል ያለ ሰው ምንም ሳይሰማው ሌላውን ያስይዛል።

ይህን ይዘን ሠን እንየው። ጥቅምት 10 ማሳከክ ጀመረው። የመጀመሪያው ከሆነ ተባይዋ የገባችው ጳጉሜን ወይም መስከረም መጀመሪያ አካባቢ ነው፤ ጥቅምት 1 ሲመረመር «ጤነኛ» ተብሎ በ46ቱ ውስጥ የገባው አስቀድሞ ይዞት ሳለ ነበር። ረም እንዲሁ። ኅዳር 12 ማሳከክ የጀመረው ቀም ቢሆን ስድስት ሳምንት ወደ ኋላ ብንቆጥር ጥቅምት 1 አካባቢ ላይ እንወድቃለን። ስለዚህ ከስምንቱ «አዲስ» ታማሚዎች እስከ አምስት የሚደርሱት ክትትሉ ሳይጀመር የተያዙ ሊሆኑ ይችላሉ።

ተግባራዊ ውጤቱ ይህ ነው። ባለሙያው ጥቅምት 1 ለአራቱ ታማሚዎች ብቻ ቅባት ሰጥቶ ቢሄድ፣ በሚቀጥሉት ስድስት ሳምንታት አምስት አዲስ ታማሚ ያያል፤ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎም ይደመድማል። መድኃኒቱ ግን ሠርቷል፤ መታከም የነበረባቸው ሁሉ ስላልታከሙ ነው። በእከክ ሕክምና ምልክት ያለውም የሌለውም አብሮ የሚኖር ሁሉ በአንድ ቀን የሚታከመው ለዚህ ነው። የፕሮግራሙን ውጤት በኢንሲደንስ መለካት የሚፈልግ ደግሞ ከሕክምናው በኋላ ያሉትን የመጀመሪያ ስድስት ሳምንታት ለብቻ ለይቶ ይቁጠር፤ መዛመቱ ቆሞ እንደሆነ የሚያሳየው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ሁለተኛው በመዳኛው ጫፍ ላይ ያለው ነው። ተባይዋ ከሞተች በኋላም ማሳከክ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቀጥል ይችላል፤ ቆዳው በውስጡ በቀረው ቅሪት ይቆጣል። ታካሚው በአሥረኛው ቀን ጤና ጣቢያ ተመልሶ «አሁንም ያሳክከኛል» ይላል። መዝጋቢው ነባር መሆኑን ሳይጠይቅ «አዲስ» የሚለው ላይ ምልክት ካደረገ ኢንሲደንሱ በሐሰት ይጨምራል። «ነባር» ብሎ፣ ያልዳነ አድርጎ ከጻፈው ደግሞ ፕሪቫለንሱ ያብጣል። በግቢያችን 40 ቀን ካልነው ጊዜ የተወሰነው ሳምንት እንዲህ ያለ ትርፍ ማሳከክ ቢሆን የሚያስገርም አይደለም። ለማወቅ አዲስ ሽፍታ ወይም አዲስ የተባይ መንገድ በጣቶች መካከልና በአንጓ ላይ መኖሩን ማየት ነው፤ ማሳከኩ እየቀነሰ ከሄደና አዲስ ነገር ካልታየ ታካሚው ድኗል። ከአራት ሳምንት በላይ ከቆየ ወይም አዲስ ሽፍታ ከወጣ ዳግም ይዞት ወይም መጀመሪያውኑ ቅባቱ በሚገባ ሳይቀባ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ታማሚው የት ነው የሚኖረው?

በሽታው ከላይ፣ ሕዝቡ ከታች ሲቀመጥ ሁለቱ ከአንድ ቦታ መምጣት አለባቸው። ደሴና ኮምቦልቻ ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ናቸው፤ በመኪና ቢቀራረቡም በከፍታ ይራራቃሉ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች፣ ኮምቦልቻ ከ2,000 ሜትር በታች ናት። ወባ በአገራችን በአብዛኛው የሚተላለፈው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ኮምቦልቻ ወይም ከዚያ ዝቅ ባለ ቆላ ላይ የተያዘ ሰው ደሴ መጥቶ ቢመረመር፣ ሕሙሙ በደሴ ጤና ተቋም መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ያንን ቁጥር ለደሴ ከተማ ሕዝብ ማካፈል የደሴን የወባ ኢንሲደንስ አይሰጥም፤ ከላይ ያለው ሰው ከታች ካለው ሕዝብ አይደለምና። ታማሚው ባለፉት ሳምንታት የት እንዳደረ የሚጠየቀው ለዚህ ነው። የእከኩም ግቢ እንዲሁ ነው፤ ነ ታኅሣሥ 5 ከሌላ ሰፈር የመጣ አዲስ ተከራይ ቢሆን ኖሮ በ46ቱ ውስጥ አይገባም ነበር፣ ሕመሙንም ይዞ የመጣ ሊሆን ይችል ነበር።

የትኛው ለምን?

ለሚቀጥለው ወር ስንት ቱቦ ቅባት እንጠይቅ የሚለው ጥያቄ ከፕሪቫለንስ ይጀምራል፤ ዛሬ ስንት ታማሚ እንዳለና ከእያንዳንዱ ጋር ስንት ሰው እንደሚተኛ ማወቅ ይፈልጋል። በግቢያችን ታኅሣሥ 30 ላይ የታመሙት አራት ናቸው፤ አራቱ በአራት የተለያዩ ክፍሎች ካሉ ግን የሚታከሙት 20 ሰዎች ይሆናሉ። መዛመቱ ቀጥሏል ወይስ ቆሟል የሚለው የኢንሲደንስ ጥያቄ ነው፤ ፕሪቫለንስ ብቻውን አይመልሰውም።

ሁለቱንም ከአንድ ደብተር ለማውጣት ብዙ አያስፈልግም። ለእያንዳንዱ ነዋሪ፣ ለታመመውም ላልታመመውም፣ አራት ቀኖች ይጻፉ፦ ግቢው የገባበት፣ ማሳከክ የጀመረበት፣ የዳነበት፣ ግቢውን የለቀቀበት። ከእነዚህ ሕመሙ የጀመረበት ቀን ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ በምትኩ የተመረመረበት ቀን ይጻፋል። ሐ የተመረመረው ጥቅምት 1 ነው፤ ይህ እንደ መነሻ ቢጻፍለት በአንድ ብዕር ከነባር ታማሚነት ወደ አዲስ ታማሚነት ይዘዋወራል፣ ከአንድ ወር ተኩል በላይ የቆየ ሕመሙም ከመዝገቡ ይጠፋል። ታማሚው ቀኑን ካላስታወሰ በበዓል ጠይቁት፤ «ከእንቁጣጣሽ በፊት ነበር ወይስ በኋላ? መስቀል ላይ ያሳክክህ ነበር?» ሲባል አብዛኛው ሰው ቢያንስ ሳምንቱን ያስታውሳል።